አካውንቱ ተዘጋ፣ ካርዱ ግን እዚያው ቀረ

«ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። ከአንድ የኦንላይን ሱቅ ጋር የነበረኝን አካውንት በሴፕቴምበር ዘጋሁ። በኖቬምበር ካርዴ ጊዜው አልፎ ባንኬ ቁጥሩ የተለየ አዲስ ካርድ ላከልኝ። አዲሱን ቁጥር ለሱቁ ሰጥቼ አላውቅም። በጃንዋሪ ግን ለአባልነት ብለው 8.99 ዩሮ ከአዲሱ ካርድ ቆረጡ። መረጃዬን አጥፉልኝ ብዬ ስጽፍ ‹በሕግ 10 ዓመት መያዝ ግዴታችን ነው፤ ጥያቄዎን እንድናይ ደግሞ የፓስፖርት ኮፒ ይላኩ› አሉኝ። ቁጥሬን ከየት አመጡት? ካርዱን እንደገና ባስቀይር አይሻልም? ፓስፖርቴንስ ልላክላቸው?»

ካርዱን አያስቀይሩ፤ አይጠቅምዎትም። ፓስፖርቱንም ለጊዜው አይላኩ። አሥር ዓመት የተባለው በከፊል እውነት ነው፤ ካርድዎን ግን አይመለከትም።

ችግሩ የተጀመረው በሴፕቴምበር ነው። አካውንት ሲዘጉ ብዙ ሰው ሁሉም ነገር አብሮ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ቤት ለቀው ቁልፉን ቢመልሱም የመብራቱ ቆጣሪ በስምዎ መቁጠሩን ሊቀጥል ይችላል። በአብዛኞቹ ሱቆች ሲስተም ውስጥ «አካውንት ዝጋ» የሚለው ቁልፍ የሚሠራው አንድ ነገር ነው፦ በደንበኞች ዝርዝር ላይ ስምዎ አጠገብ ያለውን «ንቁ» የሚል ምልክት ወደ «የተዘጋ» ይለውጠዋል። የይለፍ ቃልዎ መሥራት ያቆማል። ስምዎ፣ አድራሻዎ፣ የገዙት ዕቃ፣ የካርድዎ መረጃ ግን በየሰንጠረዡ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ገብተው ካርዱን በራስዎ እጅ የሚያጠፉበት በር መዘጋቱ ነው። ስለዚህ ይህን የሚያነብና አካውንቱን ገና ያልዘጋ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ካርዱን ያጥፋ፣ ደረሰኞቹን ያውርድ፣ ከዚያ ይዝጋ።

እርስዎ ጋር ሦስት ነገሮች ተደባልቀዋል። አንዱ የአባልነት ውል ነው፣ ሌላው ካርዱን ለማስቀመጥ የሰጡት ፈቃድ ነው፣ ሦስተኛው የቀረው የግል መረጃዎ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ሕግ አለው። ሱቁ ውስጥም የሚያያቸው ሰው የተለያየ ነው። «ሁሉንም አጥፉልኝ» የሚል ኢሜይል ሲላክ ለደንበኞች አገልግሎት ይደርሳል። እዚያ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የተዘጋጀለትን መልስ ገልብጦ ይልካል። እርስዎ ያገኙት መልስ የዚያ ዓይነት ነው። ክፋት ላይሆን ይችላል። እኔ ራሴ በአንድ ሱቅ ውስጥ እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ቡድን ውስጥ ሠርቻለሁ፤ በትክክል የተጻፈ ጥያቄና በንዴት የተጻፈ ጥያቄ የሚሄዱበት መንገድ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ከውሉ እንጀምር፣ ምክንያቱም ውሉ ካልፈረሰ ሌላው ሁሉ ይንጠለጠላል። 8.99 ዩሮው የአባልነት ክፍያ ነው ብለዋል። በሴፕቴምበር የዘጉት አካውንቱን ነው ወይስ አባልነቱንም አቋርጠዋል? ኢሜይልዎን ፈትሹና የማቋረጫ ማረጋገጫ ይፈልጉ። በጀርመን ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በድረ ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ተከታታይ ውል የሚሸጥ ድርጅት፣ እዚያው ድረ ገጹ ላይ ውሉን የማፍረሻ ቁልፍ ማስቀመጥ አለበት። በአብዛኛው ከገጹ ግርጌ Verträge hier kündigen የሚል ጽሑፍ ነው። ለመጠቀም በአካውንትዎ መግባት አያስፈልግም። ስምዎንና ኢሜይልዎን ሞልተው jetzt kündigen የሚለውን ሲጫኑ ቀኑና ሰዓቱ ያለበት ማረጋገጫ ወዲያውኑ ሊላክልዎ ይገባል። ቁልፉ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ሕጉ ለእርስዎ ያደላል፦ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይጠብቁ በማንኛውም ሰዓት ማቋረጥ ይችላሉ። ገጹን ስክሪንሾት አድርገው ያስቀምጡ።

ማረጋገጫ ካላገኙ ውሉ አሁንም ሕያው ነው ብለው ያስቡ። እንደዚያ ከሆነ ዛሬውኑ ያቋርጡ። የጃንዋሪው ክፍያ ላይ ያለዎት ክርክርም ደካማ እንደሚሆን ይወቁ። ሰው ብዙውን ጊዜ ባንክ ሄዶ «ያልፈቀድኩት ክፍያ ነው» ይላል። ሱቁ ያልተቋረጠ ውል ያቀርባል። ነገሩ ያበቃል። ማረጋገጫውን ካገኙ ግን ጨዋታው ተለወጠ፤ ወደ ገንዘቡ በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ካርዱ። አዲሱን ቁጥር ከየት አመጡት ላሉት፣ ማንም አልሰረቀዎትም። በጣም የሚመስለው ከባንክዎ በካርድ ኩባንያው በኩል ሄዶላቸዋል። ቪዛ «አካውንት አፕዴተር»፣ ማስተርካርድ ደግሞ «ኦቶማቲክ ቢሊንግ አፕዴተር» የሚሉት አገልግሎት አላቸው። ባንክ አዲስ ካርድ ሲያወጣ አሮጌውን ቁጥር፣ አዲሱን ቁጥርና አዲሱን የማብቂያ ቀን ለካርድ ኩባንያው ያስታውቃል። ካርድዎን ያስቀመጠ ነጋዴ በአገልግሎቱ ከተመዘገበ፣ በክፍያ አስተላላፊው ድርጅት በኩል «ይህ ካርድ ተለውጧል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አዲሱም ይመጣለታል። የተሠራው ለበጎ ነው። የስልክና የኢንተርኔት ክፍያ በካርድ መታደስ ሰበብ እንዳይቋረጥ ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱ እርስዎን የደረሰው ነው።

ካርድ ማስቀየር አይጠቅምም ያልኩት ለዚህ ነው። ሌላ ካርድ ቢያወጡ የእሱም ቁጥር በዚያው መንገድ ይደርሳቸዋል። ባንክዎን መጠየቅ ያለብዎት ሌላ ነገር ነው። አንደኛ፣ ካርዴን ከዚህ የማደሻ አገልግሎት አውጡልኝ ይበሉ። ሁለተኛ፣ ከዚህ ነጋዴ የሚመጣ ተደጋጋሚ ክፍያ እንዲታገድ ይጠይቁ። የመጀመሪያውን በስልክ የሚያነሳው ሠራተኛ ላያውቀው ይችላል፤ በጽሑፍ ይጠይቁና የካርድ ክፍሉ እንዲመልስ ያድርጉ። ሁለተኛውን ግን ብዙ ባንኮች ያውቁታል።

ሱቁ በእጁ ያለው ምን እንደሆነ ማወቅም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም የማይኖረውን ነገር አጥፋ ማለት ጊዜ ማባከን ነው። ከካርዱ ጀርባ ያለችውን ባለሦስት አሃዝ ቁጥር ክፍያው ከተፈቀደ በኋላ ማንም ነጋዴ ማስቀመጥ አይችልም። የካርድ ኢንዱስትሪው የደኅንነት ደንብ በምስጢር ኮድ ተቆልፎ እንኳ እንዲቀመጥ አይፈቅድም። ሙሉ የካርድ ቁጥሩም አብዛኛውን ጊዜ ሱቁ ጋር የለም። ያለው ክፍያ አስተላላፊው ጋር ነው። ሱቁ የያዘው በምትኩ የተሰጠውን ቶክን ነው። ቶክን ማለት ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ሲሆን ለሌላ ሰው ምንም ትርጉም የለውም፤ ሱቁ ግን አስተላላፊው ጋር ልኮ «ከዚህ ላይ 8.99 ቁረጥ» ሊልበት ይችላል። ከቶክኑ ጋር የካርዱን ዓይነት፣ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞችና የማብቂያ ቀኑን ያስቀምጣል። ባለሦስት አሃዟ ቁጥር ባትኖርም፣ ስልክዎ ላይ የማረጋገጫ መልእክት ባይመጣም መቁረጥ የቻሉት በዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን እርስዎ አረጋግጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነጋዴው ራሱ የሚጀምረው ክፍያ ነው።

ስለዚህ የሚጠይቁት «የካርድ ቁጥሬን አጥፉ» ተብሎ ብቻ ከሆነ፣ «እኛ የካርድ ቁጥር አናስቀምጥም» የሚል መልስ ይመጣል። ውሸትም አይደለም። መጠየቅ ያለብዎት ቶክኑ ከእነርሱም፣ ከክፍያ አስተላላፊውም ዘንድ እንዲሰረዝና ይህ መደረጉን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልዎ ነው። የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 19 መረጃው የተሰጣቸውን ሌሎች ድርጅቶች ስለ ስረዛው የማሳወቅ ግዴታ በሱቁ ላይ ይጥላል። አስተላላፊዎቹን እየፈለጉ መጻፍ የእርስዎ ሥራ አይደለም።

ካርዱን ለማስቀመጥ ምን መብት ነበራቸው? የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ቦርድ በሜይ 2021 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ነገሩን አጥርቶታል። ቀጣዩ ግዢ እንዲቀል ተብሎ ብቻ ካርድ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ተገቢው መሠረት የደንበኛው ፈቃድ ነው። ፈቃድ ደግሞ እንደተሰጠ ሁሉ በማንኛውም ጊዜ ይነሳል። ቦርዱ ግን እንደ አባልነት ያለውን ተከታታይ ውል ከዚህ ውጭ አድርጎታል። ውሉ እስካለ ሱቁ ካርዱን ለመያዝ ሌላ ምክንያት አለው። ከውሉ እንጀምር ያልኩት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ውሉን ያቋርጡ። ከዚያ ፈቃዱን ያንሱ። ካርዱ የሚቆምበት እግር ያጣል።

አሥር ዓመት ያሉት ከየት መጣ? ከጀርመን የግብርና የንግድ ሕግ ነው። ነጋዴ የሸጠበትን ደረሰኝ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ማቆየት አለበት። ይህ ለረጅም ጊዜ 10 ዓመት ነበር። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ግን ለደረሰኝ ወደ 8 ዓመት ወርዷል። ዓመታዊ የሒሳብ መዝገብ አሁንም 10 ነው፤ የንግድ ደብዳቤ 6 ነው። ስለዚህ የላኩልዎ መልስ ያረጀ ጽሑፍ ነው። ዋናው ስህተቱ ግን ቁጥሩ ላይ አይደለም። ግዴታው የሚመለከተው ደረሰኙን እንጂ እርስዎን በሙሉ አይደለም።

በምሳሌ እንየው። በሜይ 2023 ከዚህ ሱቅ ጫማ ገዙ እንበል። የደረሰኙ ዘመን የሚቆጠረው ከሜይ ሳይሆን ከዚያ ዓመት መጨረሻ ነው። 8 ዓመት ሲጨመር 2031 ሲያልቅ ያበቃል። እስከዚያ ሱቁ ደረሰኙን ይይዛል። ደረሰኙ ላይ ስምዎ፣ አድራሻዎ፣ ጫማው፣ ዋጋው፣ ግብሩና ቀኑ አለ። ይህን ማስጠፋት አይችሉም፤ አይሞክሩ። ሱቁም ቢሆን ለዚያ ዓላማ ብቻ፣ ከሌላው ሥራ ለይቶ ነው ሊያስቀምጠው የሚገባ። የትውልድ ቀንዎ ግን ደረሰኝ ላይ የለም። ያዩዋቸው ዕቃዎች ታሪክ የለም። «የምወዳቸው» ብለው ያስቀመጡት ዝርዝር፣ ሁለተኛው የማድረሻ አድራሻ፣ የእህትዎ ስልክ ቁጥር፣ ለማስታወቂያ የተሠራልዎ መግለጫ የለም። የካርድ ቶክንም የለም። እነዚህ ሁሉ በግብር ሕግ ስም ሊቆዩ አይችሉም።

ያልተከፈለ ዕዳ ወይም ያላለቀ ክርክር ካለ ደግሞ ከዚያ ጋር የተያያዘውን መረጃ ክርክሩ እስኪያልቅ መያዝ ይችላሉ። ተመላሽ ገንዘብ እየጠበቁ ከሆነም ትንሽ ይታገሱ። ገንዘቡ የሚመለሰው በከፈሉበት ካርድ ነው፤ መንገዱን አስቀድመው ካፈረሱት መጉላላቱ የእርስዎ ነው። የስጦታ ካርድ ቀሪ ሒሳብም ከአካውንቱ ጋር ሊጠፋ ይችላል።

ሁለት ነገር ግን ቢቀሩ አይናደዱ። ማስታወቂያ እንዳይላክልዎ ከፈለጉ፣ ሱቁ ኢሜይልዎን «ለዚህ ሰው አትላኩ» በሚል አጭር ዝርዝር ውስጥ ማስቀረት አለበት። እሱንም ካጠፉት፣ ነገ ኢሜይልዎ ከሌላ ቦታ ሲገባ ማስታወቂያው እንደ አዲስ ይጀምራል። ሁለተኛው ባክአፕ ነው። ከሚሠራው ሲስተም የጠፋ መረጃ በባክአፕ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል፣ ከዚያ በላዩ ሌላ ይጻፍበታል። ይህ የተለመደ አሠራር ነው። «ባክአፕ ውስጥ ስላለ አይጠፋም» ካሉ ግን አይቀበሉ፤ በምን ያህል ጊዜ እንደሚታደስ ይጠይቁ።

ፓስፖርቱን በተመለከተ፣ ሕጉ ተጨማሪ መታወቂያ መጠየቅ የሚፈቅደው የጠያቂው ማንነት ላይ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ካለ ብቻ ነው። በአካውንቱ ላይ ከተመዘገበው ኢሜይል ጽፈው፣ የደንበኛ ቁጥርዎንና የአንድ ትእዛዝ ቁጥር ካስቀመጡ ጥርጣሬው ከየት ይመጣል? ሱቁ ሲመዘግብዎ ፓስፖርት አልጠየቀም። ኮፒውን ቢያገኝስ ከምን ጋር ያመሳክረዋል? ይህን በትሕትና ይጻፉላቸው። ግድ ካሉ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጡዎ ይጠይቁ። ከዚያ በኋላም የሚላከው ኮፒ ከስምዎ በቀር ሁሉም የተሸፈነበት፣ በላዩ ላይ «ኮፒ» ተብሎና ለምን እንደተላከ ተጽፎበት ነው። የፓስፖርት ቁጥር፣ ፎቶና ፊርማ አይታዩም። መረጃ ለማሰረዝ ሄዶ የበለጠ መረጃ ማስረከብ የሚያስቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው ብቻ የሚገጥመው አንድ ችግር አለ። ስማችን። ሱቁ «የቤተሰብ ስም» ሲል አንዳንዴ የአባት፣ አንዳንዴ የአያት ስም እንጽፋለን። ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ላይ በሌላ፣ ሱቁ ጋር ደግሞ በሦስተኛ ተጽፎ ይገኛል። በስም የሚፈልገው ሠራተኛ «በዚህ ስም ደንበኛ የለንም» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። ወይም ሁለት አካውንት ኖሮ አንዱን ብቻ ያጠፋል። ስለዚህ ስምዎ ላይ አይመርኮዙ። የተጠቀሙባቸውን ኢሜይሎችና ስልክ ቁጥሮች በሙሉ፣ ስምዎ የተጻፈባቸውን መንገዶችም ጭምር ይዘርዝሩ።

አጻጻፉ እንዲህ ይሁን። ለደንበኞች አገልግሎት አይላኩ። ከድረ ገጹ ግርጌ Datenschutz የሚለውን ሲከፍቱ የመረጃ ጥበቃ ኃላፊው ኢሜይል ይገኛል፤ ወደዚያ ነው። በጀርመንኛ ካልተመቸዎት በእንግሊዝኛ ይጻፉ፤ በጀርመንኛ የተጻፈ ግን ቶሎ ይሄዳል። ደብዳቤው አንድ ገጽ አይሞላም፤ ታሪኩንና ንዴቱን ይተዉት።

ግን ሁለት ደብዳቤ ይሁን እንጂ አንድ አይሁን። ይህ የእኔ ጠንካራ ምክር ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤ ሁለት ነገር ብቻ ያድርጉ። የካርድ ማስቀመጥ ፈቃድዎን ከዛሬ ጀምሮ እንዳነሱ ይግለጹና ቶክኑ እንዲሰረዝ ይጠይቁ። ቀጥለው በዚያው የአውሮፓ ሕግ አንቀጽ 15 መሠረት ስለ እርስዎ የያዙትን መረጃ ቅጂ፣ ለማን እንዳስተላለፉትና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስቀምጡት ይጠይቁ። ሁሉንም አጥፉ የሚለውን ለሁለተኛው ደብዳቤ ያቆዩት። ስረዛውን መጀመሪያ ከጠየቁ «ጠፍቷል» ይሉዎታል፣ መጥፋቱን የሚያመሳክሩበት ነገር ግን አይኖርዎትም። ምን እንደነበረ የማያውቅ ሰው ምን እንደጠፋ በምን ያውቃል?

ቅጂው ሲመጣ ብዙ ጊዜ በኤክሴል ወይም በፒዲኤፍ ነው። የክፍያ መረጃውን ክፍል ይፈልጉ። እዚያ የመጨረሻ አራት አሃዞችና የማብቂያ ቀን ያያሉ። የአሮጌው ካርድ 3391፣ የአዲሱ 8820 ነበር እንበል። በሰንጠረዡ ላይ 8820 ካዩ፣ ካርዱ በራሱ መታደሱን የሚያሳይ ማስረጃ እጅዎ ገባ። ከጎኑ የታደሰበት ቀን ካለ ደግሞ ከሴፕቴምበር በኋላ መሆኑን ይመልከቱ። አካውንቱ ከተዘጋ በኋላ አዲስ መረጃ ሰብስበዋል ማለት ነው፤ ለዚያ የሚሰጡት ምክንያት ቀላል አይሆንላቸውም። የክፍያ ክፍሉ ጭራሽ ከሌለ፣ ቅጂው ጎዶሎ ነው። ክፍያ ቆርጠዋልና የሆነ ቦታ መኖር አለበት። ያንኑ ጠቅሰው ይመልሱላቸው።

ከዚያ ሁለተኛው ደብዳቤ ይሄዳል። ርእሱ ላይ Löschung nach Art. 17 DSGVO ብለው ይጻፉ፤ በአውሮፓው የመረጃ ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 17 መሠረት ስረዛ ማለት ነው። በውስጡ፣ በቅጂው ላይ ያዩዋቸውን የመረጃ ዓይነቶች በስማቸው ጠርተው እንዲሰረዙ ይጠይቁ። ደረሰኞቹ በግብር ሕግ እንደሚቆዩ እንደሚያውቁ እርስዎ ራስዎ ይጻፉት። ይህች ዓረፍተ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ የተዘጋጀውን የአሥር ዓመት መልስ ግን አስቀድማ ትዘጋለች። የሚቆይ ሌላ ነገር ካለ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ሕግና እስከ መቼ እንደሚቆይ እንዲገልጹ ይጠይቁ።

ጊዜው ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ከደረሳቸው ቀን ጀምሮ አንድ ወር ነው። ፌብሩዋሪ 3 ከደረሳቸው እስከ ማርች 3 መመለስ አለባቸው። ጉዳዩ ውስብስብ ነው ካሉ ሁለት ወር መጨመር ይችላሉ፤ ግን ይህንንም በመጀመሪያው ወር ውስጥ ከነምክንያቱ ማሳወቅ አለባቸው። የአንድ ደንበኛ የጫማ ግዢ ምኑ ይወሳሰባል? «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል የራስ ሰር ኢሜይል መልስ አይደለም። ክፍያም ሊጠይቁዎ አይችሉም።

ወሩ ካለፈ አንድ ጊዜ ብቻ ያስታውሱ፣ አንድ ሳምንት ይስጡ፣ ከዚያ አቤቱታ ያስገቡ። እርስዎ የሚኖሩት ሄሰን ስለሆነ ቪስባደን ላለው የክልሉ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ነው። በድረ ገጹ ላይ ቅጽ አለ፣ ክፍያ የለውም፣ ጠበቃ አያስፈልግም። ሱቁ በሌላ ክልል ወይም በሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ቢሆንም እዚያው ያስገቡ፤ ለሚመለከተው የሚያስተላልፉት እነርሱ ናቸው። ሱቁ ሉክሰምበርግ ወይም አየርላንድ ከሆነ ነገሩ እንደሚጎተት ግን ይጠብቁ። ብዙ ሱቆች አቤቱታው ከመግባቱ በፊት ይነቃሉ፤ በማስታወሻው ላይ የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥቀስ ብቻ ብዙ ይሠራል።

ኮሚሽነሩ ግን 8.99 ዩሮዎን አያስመልስልዎትም። ለገንዘቡ የሚሄዱት ባንክዎ ጋር ነው። የማቋረጫ ማረጋገጫው በእጅዎ ካለ፣ እሱን አያይዘው ቻርጅባክ፣ ማለትም ባንኩ ገንዘቡን ከነጋዴው እንዲያስመልስልዎ፣ ይጠይቁ። የካርድ ኩባንያዎቹ ደንብ ብዙውን ጊዜ 120 ቀን ይሰጣል፤ ስለዚህ የመረጃ ደብዳቤዎቹ እስኪመለሱ አይጠብቁ፣ ጎን ለጎን ይሂዱ። ጭራሽ ያልፈቀዱት ክፍያ ከሆነ ለባንኩ የማሳወቂያው የመጨረሻ ገደብ 13 ወር ነው፤ ሕጉ ግን እንዳወቁ ወዲያው ይናገሩ ይላል። ሌላው አንባቢ ክፍያው በካርድ ሳይሆን ከባንክ ሒሳቡ በቀጥታ የሚቆረጥ ከሆነ ይቀለዋል፦ በ8 ሳምንት ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት ያስመልሳል።

ፔይፓልም ካለዎት ገብተው ማየት አለብዎት። ሱቁ ጋር ያለው ቢሰረዝም በፔይፓል ውስጥ ለዚያ ነጋዴ የሰጡት የራስ ሰር ክፍያ ፈቃድ ለብቻው ይኖራል፤ የሚያቋርጡት ከፔይፓል ቅንብሮች ነው። የካርድ ቁጥርዎ በስልክዎ ላይ በራሱ እየተሞላ የሚያዩት ከሆነ ደግሞ ሱቁን አይክሰሱ። እሱ የራስዎ ብራውዘር ያስቀመጠው ነው።

ይህ ሁሉ የአውሮፓ ነው። አሜሪካ ያላችሁ በመላ አገሪቱ የሚሠራ እንዲህ ያለ አንድ ሕግ የላችሁም፤ በየስቴቱ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ትልልቅ ድርጅቶች የስረዛ ጥያቄ መቀበላቸውን በ10 የሥራ ቀን አሳውቀው በ45 ቀን መመለስ አለባቸው፤ ሌላ 45 ቀን መጨመር ይችላሉ። ኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ ተቆጣጣሪው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዲስ አበባ ካለ ድርጅት ጋር ጉዳይ ያለው ሰው አቤቱታውን የሚያቀርበው ወደዚያ ነው።

እርስዎ ዛሬ ማታ የሚሠሩት ግን አጭር ነው። ኢሜይልዎ ውስጥ የሴፕቴምበሩን ማረጋገጫ ይፈልጉ። ከሌለ የማቋረጫ ቁልፉን ይጫኑ። ከዚያ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ይላኩ፤ ነገ ጠዋት ለባንኩ ይጻፉ።